ምዝገባው ተጀመረ ወይስ ተጠናቀቀ? ከአማርኛ ርዕስ ስላግ ስለ መሥራት የተሰጠ ምላሽ

«ከርዕስ ስላግ ማውጣት አምስት መስመር የማይሞላ ሥራ ነው። ርዕሱን ወደ `NFKD` ቀይሩት፣ ከአስኪ ውጪ የቀረውን ጣሉት፣ ክፍት ቦታውን በሰረዝ ተኩት፤ ይህ ለየትኛውም ቋንቋ ይሠራል። ውጤቱ ባዶ ከሆነ የዘፈቀደ ቁጥር ስጡት። የአማርኛ ፊደል በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ ስለማይፈቀድ በእርሱ አትድከሙ። አማርኛው የግድ ይነበብ ካላችሁ ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የሰጠውን ስም የሚከተል ሰንጠረዥ ተጠቀሙ። ርዕሱ ሲታረም ስላጉም አብሮ እንዲታረም አድርጉ።»

ይህን የጻፉት ባለሙያ ጀማሪዎችን ለመርዳት አስበው እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን ምክሩ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጎጂ ነው። ይህን የምለው እኔም በአንድ ወቅት ይህንኑ መንገድ ተከትዬ ስለሠራሁና ውጤቱን ስላየሁ ነው። ስለዚህ ነጥቦቹን በቅደም ተከተላቸው እመልሳለሁ። ቃሉ እንግዳ ለሆነበት አንባቢ፣ ስላግ ማለት ከድረ ገጹ ስም ቀጥሎ የሚመጣውና አንዱን ጽሑፍ ከሌላው የሚለየው የአድራሻ ክፍል ነው። ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ራሱ ከርዕሱ ያወጣዋል።

በመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር። `NFKD` የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዩኒኮድ «ይህ ፊደል ከእነዚህ ክፍሎች የተሠራ ነው» ብሎ የመዘገበውን ፊደል ወደ ክፍሎቹ ይበትናል። የፈረንሳዩ `é` እንደ `e` እና ከላዩ እንዳለ ምልክት ተመዝግቧል። ስለዚህ ሲበተን ምልክቱ ለብቻው ይወጣል፤ ምልክቱ የእንግሊዝኛ ሆሄያትን፣ አኃዞችንና ጥቂት ምልክቶችን ብቻ ከያዘው ከአስኪ ውጪ ስለሆነ ይጣላል፣ `e` ይቀራል። ዘዴው የሚያምረው እዚህ ላይ ነው። የእኛ «ላ» ግን በዓይን ሲታይ ከ«ለ» አንድ እግር አጥሮ የተሠራ ቢመስልም፣ ዩኒኮድ የሰጠው የራሱን ቁጥር ነው፤ መበተኛ የለውም። «ለ»ም የለውም። ከፊደል ገበታችን ላይ ወደ ላቲን ፊደል የሚበተን አንድም ሆሄ የለም። በመሆኑም የመጀመሪያው እርምጃ ምንም አይነካቸውም፣ ሁለተኛው እርምጃ ሁሉንም ይጥላቸዋል። ስህተት የሚል መልእክት አይወጣም፤ ፕሮግራሙ በሰላም ይጠናቀቃል።

ዘዴው ለላቲን ፊደላት እንኳ ሙሉ አይደለም። የፖላንዱ `Ł`፣ የኖርዌዩ `ø`፣ የጀርመኑ `ß` መበተኛ ስለሌላቸው እንደ እኛዎቹ ይወድቃሉ። በፓይተን የተሠራው ጃንጎ ይዞት የሚመጣው `slugify` የተባለ ተግባር ይህንኑ ዘዴ ይከተላልና ውጤቱን ማንም ሞክሮ ማየት ይችላል፦

```python
slugify("Café")                  # 'cafe'
slugify("Łódź")                  # 'odz'
slugify("Tromsø")                # 'troms'
slugify("ሰላም ለሁሉ")              # ''
slugify("የ2017 ምዝገባ ተጀመረ")      # '2017'
slugify("የ2017 የፈተና ውጤት")       # '2017'
```

የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች ልብ በሉልኝ። ለአንድ ትምህርት ቤት የማስታወቂያ ገጽ ሠርቼ በነበረ ጊዜ የደረሰብኝ ይኸው ነው። እያንዳንዱ ማስታወቂያ በስላጉ በተሰየመ ፋይል ይቀመጥ ነበር። የምዝገባው ማስታወቂያ ወጣ፤ ከሳምንታት በኋላ የፈተናው ውጤት ወጣና በዚያው ስም በተሰየመው ፋይል ላይ ተጻፈ። የምዝገባው ማስታወቂያ ጠፋ። እኔ ያወቅሁት አንዲት እናት ደውለው «የምዝገባውን ቀን ለማየት ብከፍተው ውጤት ያመጣልኛል» ሲሉኝ ነው። ዳታቤዝ ቢኖርና አድራሻው እንዳይደገም የሚከለክል ደንብ ቢኖረው ኖሮ ቢያንስ ስህተቱ ፊት ለፊት ይታይ ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ የሚፈርሰውም በዚሁ ምሳሌ ነው። ባዶ መሆኑን የሚፈትሸው መስመር በ`2017` ላይ አይነሣም፤ `2017` ባዶ አይደለምና። የአማርኛ ርዕሶች ደግሞ ዓመተ ምሕረት፣ ብር፣ መቶኛ፣ አንዳንዴም በላቲን የተጻፈ የድርጅት ወይም የምርት ስም ይዘው ይመጣሉ። ከእነዚህ አንዱ ካለ ፍተሻው ያልፋል፣ የርዕሱ አካል የሆነው አማርኛ ግን ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ባዶ ነው ወይ?» ተብሎ ሳይሆን «ከርዕሱ ፊደላት ውስጥ የተጣለ አለ ወይ?» ተብሎ ነው። እንዲህ ያለ ገጽ በእጃችሁ ካለ ዛሬውኑ ስላጎቹን አውጥታችሁ በቁጥር ብቻ የተሠሩትንና በ`-2`፣ በ`-3` የሚያልቁትን ፈልጉ። በርካታ ካገኛችሁ ርዕሶቻችሁ ሲወድቁ ኖረዋል ማለት ነው።

የዘፈቀደ ቁጥር ስለመስጠት፣ ቁጥር በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። ዘፈቀደነቱ ግን ችግር ነው። ገጾቹ በየጊዜው እንደ አዲስ የሚዘጋጁ ከሆነ ቁጥሩም በየጊዜው ይለወጣል፤ ትናንት የተላከ አድራሻ ዛሬ አይከፈትም።

ሦስተኛው ነጥብ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው እንደ እውነት ይዞታል። የአማርኛው ውክፔዲያ ስለ ኢትዮጵያ ያለው ገጽ አድራሻ `am.wikipedia.org/wiki/ኢትዮጵያ` ነው፤ ሲጻፍ ይከፈታል። ፊደሉ የሚጓዘው ግን እንደተጻፈ አይደለም። በ2005 የወጣው የአድራሻ ደንብ፣ `RFC 3986`፣ አድራሻ ራሱ በአስኪ ብቻ እንዲጻፍ ያዛል፤ ሌላው ፊደል መጀመሪያ በ`UTF-8` ወደ ባይት ይቀየራል፣ ከዚያም እያንዳንዱ ባይት በመቶኛ ምልክትና በሁለት ሆሄ ወይም አኃዝ ይጻፋል። አሳሹ በላይኛው መስመር ላይ መልሶ በአማርኛ ያሳየናል። ስለዚህ ክልክል የለም። ያለው ዋጋ ነው፤ ዋጋውም ሊሰላ ይችላል። አንድ የአማርኛ ፊደል በ`UTF-8` 3 ባይት ይይዛል፤ እያንዳንዱ ባይት በ3 ምልክት ሲጻፍ አንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል። «ሰላም» ይህን ይመስላል፦

```
%E1%88%B0%E1%88%8B%E1%88%9D
```

ይህ ዋጋ የት እንደሚከፈል በዎርድፕሬስ እናሳይ። ዎርድፕሬስ የአማርኛ ፊደልን አይጥልም፤ ከላይ እንዳየነው አድርጎ ያስቀምጠዋል። የስላጉ ዓምድ ግን 200 ምልክት ብቻ ይይዛል። 200 ለ9 ሲካፈል 22 ፊደል ነው፤ በቃላት መካከል ያለው ሰረዝም ከዚሁ ይቀነሳል። አንድ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ እንውሰድ፦ «የ2017 የትምህርት ዘመን የተማሪዎች ምዝገባ ተጀመረ»። «የ2017» 13 ምልክት፣ «የትምህርት» 54፣ «ዘመን» 27፣ «የተማሪዎች» 54፣ «ምዝገባ» 36፣ «ተጀመረ» 36 ይወስዳሉ። ከአምስቱ ሰረዞች ጋር 225 ይሆናል። ዎርድፕሬስ ከ200 እንዳያልፍ ሲቆርጥ ፊደል ከመሃሉ አይሰብርም፤ ይህ መልካም ነው። የሚቆመው ግን 198ኛው ላይ፣ «ተጀመረ» ከሚለው ቃል የመጀመሪያውን «ተ» ብቻ ይዞ ነው፦

```
የ2017-የትምህርት-ዘመን-የተማሪዎች-ምዝገባ-ተ
```

ከወር በኋላ «የ2017 የትምህርት ዘመን የተማሪዎች ምዝገባ ተጠናቀቀ» የሚል ማስታወቂያ ይወጣል። «ተጠናቀቀ»ም የሚጀምረው በ«ተ» ነው። ሁለቱ ርዕሶች እስከዚያች ፊደል ድረስ አንድ ስለሆኑ ስላጋቸውም አንድ ይሆናል፤ ዎርድፕሬስ እንዳይደገም ሲል ለሁለተኛው `-2` ይጨምርለታል። የመጀመርና የመጠናቀቅ ልዩነት በአድራሻው ላይ አንዲት 2 ቁጥር ሆና ቀረች። ይህ ለአማርኛ የተለየ ክፋት አለው፤ ግሳችን ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይመጣልና ከኋላ የሚቆርጥ ሁሉ የሚቆርጠው ነገሩን ራሱን ነው።

ሌላው ዋጋ አድራሻው ተቀድቶ ሲላክ ይታያል። ብዙዎቹ አሳሾች ስንቀዳው የሚሰጡን በመቶኛ የተጻፈውን ረጅሙን ነው። የሞባይል አጭር መልእክት በላቲን ብቻ ሲጻፍ 160 ምልክት፣ አንድ የአማርኛ ፊደል እንኳ ካለበት 70 ይይዛል። ለወላጆች በአማርኛ መልእክት የሚልክ ትምህርት ቤት ከላይ ያለውን 198 ምልክት ያለው ስላግ ለመላክ፣ የድረ ገጹን ስም ሳይጨምር፣ ሦስት መልእክት ይከፍልበታል።

በአማርኛ ፊደል ስላግ መሥራት ለሚመርጥ ሰው አንድ ወጥመድ ልጠቁም። በጃንጎ `allow_unicode=True` ሲባል ፊደሉ ይቀራል፤ ነገር ግን ሁለት ነጥባችን «፡» በዩኒኮድ ክፍት ቦታ ሳትሆን ሥርዓተ ነጥብ ናት። ስለዚህ ትጣላለች፣ ቃላቱም ይጣበቃሉ፤ «ሰላም፡ለሁሉ» የሚለው «ሰላምለሁሉ» ይሆናል። «ት/ቤት»ም እንዲሁ «ትቤት» ሆኖ ይወጣል። ከማንኛውም ሥራ በፊት «፡»ን በክፍት ቦታ መተካት፣ «ት/ቤት»፣ «መ/ቤት»፣ «ዓ.ም.» እና መሰሎቻቸውንም ከአጭር ዝርዝር አውጥቶ በሙሉ ቃላቸው መጻፍ ያስፈልጋል። ዝርዝሩ ከሃያ መስመር አይበልጥም።

የሞክሼ ፊደላት ጉዳይም አለ። አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ይጽፋል፤ ሁለቱም አንባቢ የሚረዳቸው ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ አድራሻዎች ናቸው። ሰው አድራሻውን በእጁ ሲጽፍ የራሱን አጻጻፍ ስለሚጠቀም ገጹን ያጣዋል። በእነዚህ ምክንያቶች እኔ ስላጉን በላቲን ፊደል እጽፈዋለሁ። ይህ የእኔ ምርጫ ነው፤ ርዕሶቹ በሁለትና በሦስት ቃል ለሚያልቁለት፣ ለምሳሌ ለመዝገበ ቃላት ገጽ፣ የአማርኛው ፊደል ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

በላቲን እንጽፋለን ካልን አራተኛው ነጥብ ላይ ደረስን፤ በጣም የምቃወመውም እርሱን ነው። የዩኒኮድ የፊደል ስም መለያ እንጂ የድምፅ መግለጫ አይደለም። ስሞቹ ሲወጡ ሰባቱን ድምፆች ያለ ምልክት በላቲን ሆሄያት መለየት ያስፈልግ ስለነበር ለግዕዙ `A`፣ ለራብዑ `AA`፣ ለኃምሱ `EE`፣ ለሳድሱ `E` ተሰጣቸው። «ሰ» `SA`፣ «ላ» `LAA`፣ «ም» `ME` ናቸው። ይህን የሚከተል ሰንጠረዥ «ሰላም»ን `salaame`፣ «ትምህርት»ን `temeherete`፣ «ተማሪ»ን `tamaari` ያደርጋቸዋል። አማርኛ የሚናገር ሰው በላቲን ፊደል ሲጽፍ «ሰ»ን `se` ይላል፣ «ም»ን በቃል መጨረሻ `m` ይላል። ስለዚህ ሰንጠረዡ ግዕዙንና ሳድሱን ከአንባቢው ልማድ በተቃራኒ አስቀምጧቸዋል። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው አማርኛ የማያነብ ከሆነ ስህተቱ አይታየውም፤ ላቲን መስሎ ስለወጣ ብቻ ትክክል ነው ይላል።

የራሳችንን ሰንጠረዥ መሥራት ግን ቀላል ነው፤ ዩኒኮድ ፊደላችንን በገበታው ቅደም ተከተል ስላስቀመጠው። እያንዳንዱ ረድፍ 8 ቦታ አለው፤ ከ`U+1200` ጀምሮ «ሀ» ረድፍ፣ ቀጥሎ «ለ» ረድፍ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ ከፊደሉ ቁጥር የመጨረሻዎቹ ሦስት ቢቶች ድምፁን፣ የቀሩት ረድፉን ይነግሩናል፦

```python
VOWEL = ["e", "u", "i", "a", "e", "i", "o", "wa"]
# BASE = {0x1200: "h", 0x1208: "l", 0x1210: "h", ...}

def letter(ch, last):
    row, order = ord(ch) & ~7, ord(ch) & 7
    v = VOWEL[order]
    if order == 5 and last:
        v = ""
    if ch in "ሀሐኀአዐ":
        v = "a"
    return BASE[row] + v
```

`BASE` ለእያንዳንዱ ረድፍ የተናባቢውን ድምፅ ይይዛል። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ሁሉም `h`፣ «ሰ» እና «ሠ» `s`፣ «ጸ» እና «ፀ» `ts` ይሆናሉ፤ «አ» እና «ዐ» ባዶ። በዚህ መንገድ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ሁለቱም `tsehay` ሆነው ይገናኛሉ። በኮዱ እንደሚታየው የእነዚህ የጉሮሮ ፊደላት ግዕዝ `a` ነው። ለብቻዋ መታየት ያለባት «ኧ» ናት፤ ስምንተኛው ቦታ ላይ ስለተቀመጠች ኮዱ `wa` ይላታል፣ `e` ተብላ መታረም አለባት።

አስቸጋሪው ሳድስ ነው። «ብ» አንዳንዴ ብቻዋን ተናባቢ ናት፣ አንዳንዴ ትንሽ አናባቢ ትከተላታለች፤ ጽሑፉ ግን አይለይም። መጀመሪያ ላይ ድምፁን የሚከተል ደንብ ሞክሬ ነበር፦ በቃል መጀመሪያ ያለ ሳድስ `i` ይጨመርለት፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳድሶች ሲከታተሉ፣ የቃሉ መጨረሻ ካልሆነ በቀር፣ ለሁለተኛው ይጨመርለት የሚል። «ትምህርት» `timhirt` ሆኖ በጣም ያምራል። «የትምህርት» ሲሆን ግን ቆጠራው በአንድ ፊደል ይዛነፍና `yetmihrit` ይወጣል፤ ያንን ማንም አያውቀውም። «የ»፣ «በ»፣ «ከ» ወይም «ለ» ተጨምሮበት የተጻፈ ቃል መሆኑን ኮምፒውተሩ እንዲያውቅ ማድረግ ይቻላል ብዬም አስቤ ነበር፤ ነገር ግን «በግ»፣ «ከተማ»፣ «ለጋ» በእነዚያው ፊደላት ይጀምራሉ፣ ፊደላቱ ግን እዚያ ቅጥያ አይደሉም። ስለዚህ በኮዱ ያለውን ቀላል ደንብ መረጥሁ፤ ከቃሉ የመጨረሻ ፊደል በስተቀር ሳድስ ሁሉ `i` ይያዝ። «ትምህርት» `timihirit`፣ «የትምህርት» `yetimihirit` ይሆናል። ከአነጋገራችን ትንሽ ይረዝማል፤ ነገር ግን ከፊቱ ምን ቢጨመር ሥሩ አይለወጥም፣ ለዓይንም ያው ቃል ነው። ማጥበቅና ማላላትን ጽሑፋችን ስለማያሳይ ከዚህ የበለጠ ማድረግ የሚቻለው በመዝገበ ቃላት ብቻ ነው።

ሁለቱ ማስታወቂያዎቻችን በዚህ ደንብ እንዲህ ይወጣሉ፦

```
ye2017-yetimihirit-zemen-yetemariwoch-mizigeba-tejemere
ye2017-yetimihirit-zemen-yetemariwoch-mizigeba-tetenaqeqe
```

የመጀመሪያው በ225 ፈንታ 55፣ ሁለተኛው በ234 ፈንታ 57 ምልክት ነው። «ተ» እና «ጠ» ሁለቱም `t` መሆናቸው አይከፋኝም። ትልቁን ሆሄ `T` ለ«ጠ» የሚሰጡ አጻጻፎች አሉ፤ ስላግ ግን በትንንሽ ሆሄ ብቻ ስለሚጻፍ ልዩነቱ መልሶ ይጠፋል። የግዕዝ ቁጥሮችን በተመለከተ ግን ፊደል በፊደል መተካት አይሠራም፤ «፳፻፲፯» በዚያ መንገድ `20100107` ይሆናል። 20 በ100 ተባዝቶ 17 ሲደመርበት ነው 2017 የሚመጣው። ስለዚህ ቁጥሮቹ ከፊደላቱ በፊት በራሳቸው ስሌት መለወጥ አለባቸው።

አምስተኛው ነጥብ ቀርቶናል። ርዕስ ይታረማል፤ የፊደል ግድፈት ይኖራል፣ «ተማሪዎች» የሚለው ወደ «አዲስ ተማሪዎች» ይቀየራል። ስላጉ አብሮ ከተለወጠ በወላጆች ስልክ ውስጥ ያለው አድራሻ ይሞታል። አሮጌውን ወደ አዲሱ `301` በተባለው የቋሚ ማሸጋገሪያ ምላሽ ማሸጋገር ይቻላል የሚል ይኖራል፤ ይቻላል፣ ነገር ግን አሳሾች `301`ን ያስታውሳሉ። ርዕሱ ተቀይሮ ወደ ቀድሞው ቢመለስ፣ ቀድሞ ገጹን የጎበኘ ሰው አሳሽ ከአሮጌው ወደ አዲሱ፣ ሰርቨሩ ደግሞ ከአዲሱ ወደ አሮጌው እየላኩት ገጹ ሳይከፈት ይቀራል።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ስላጉ ጽሑፉ ለሕዝብ በወጣበት ቅጽበት ይጸናል፤ ከዚያ በኋላ ርዕሱ ቢለወጥም እርሱ አይለወጥም። ከመውጣቱ በፊት ግን አዘጋጁ ስላጉን በጽሑፍ ሳጥን ውስጥ ያየዋል፣ ካልጣመው ያስተካክለዋል፤ `mizigeba`ን `mizgeba` ማድረግ የሚችለው እርሱ ብቻ ነው። ከፊቱ ደግሞ ዳታቤዙ ለጽሑፉ የሰጠው ተራ ቁጥር ይቀመጣል፣ ገጹም የሚፈለገው በዚያ ቁጥር ብቻ ነው፦

```
/2431/ye2017-yetimihirit-zemen-yetemariwoch-mizigeba-tejemere
```

ስላጉ በመልእክት መሃል ቢቆረጥ፣ አንድ ሰው በቃሉ ሲያስታውሰው `q`ን በ`k` ቢተካው፣ ወይም ሁለት ርዕሶች ወደ አንድ አጻጻፍ ቢመጡ፣ 2431 እስካለ ድረስ የሚከፈተው ያው ማስታወቂያ ነው።